‘ጋቢ ደርቡልኝ’ በ49 ዲግሪ ሙቀት፦ ስላቅን ከጽሑፍ ላይ መለየት ለሰውም የሚከብደው ለምንድን ነው?

ሰኔ 30/2016 ዓ.ም. (በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ሐምሌ 7/2024) በአሜሪካዋ ላስ ቬጋስ የአየሩ ሙቀት 120 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 49 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ደረሰ። በከተማዋ የሙቀት መዝገብ ላይ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ አሃዝ ሰፍሮ አያውቅም።

በዚያ ዕለት ከከተማዋ ኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች አንዱ በማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ ላይ “ዛሬ አየሩ እንዴት ደስ ይላል! ጋቢ ደርቡልኝ” ብሎ ጻፈ እንበል። ጎረቤቱ ይህን ሲያነብ የሚስቀው ወዲያውኑ ነው። ይኸው ዓረፍተ ነገር ግን ቀኑና ቦታው ተቆርጦ፣ ከሌሎች በሺህ ከሚቆጠሩ ዓረፍተ ነገሮች ጋር ተደባልቆ ደብረ ብርሃን ለሚኖር አንባቢ ቢቀርብለትና “ጸሐፊው ተደስቷል ወይስ አማሯል?” ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ምን ይሆናል? በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ መደረብ የዘወትር ነገር ነው። አንባቢው “ተደስቷል” ብሎ ቢመልስ የሚወቅሰው አይኖርም። መልሱ ግን ስህተት ነው።

ይህ ምሳሌ ለማስረጃ የተፈጠረ ይሁን እንጂ የሚያሳየው ችግር በየዕለቱ የሚያጋጥም ነው። በበይነ መረብ የሚጻፈውን አስተያየት የሚመዝኑ፣ ጥላቻን ከትችት፣ ዛቻን ከቀልድ የሚለዩ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ሥራቸውን የሚማሩት ሰዎች አስቀድመው መለያ ከሰጧቸው ጽሑፎች ነው። አንድ ሰው ጽሑፉን ያነብና “ስላቅ ነው” ወይም “አይደለም” ብሎ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ሰው ፍርድ ላይ ነው። ለመሆኑ ይህ ፍርድ ምን ያህል ይታመናል?

የላስ ቬጋሱ ጥናት

ስለ መለያ ሰጪዎች ታማኝነት በስፋት ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ ይፋ የሆነው በዚህችው ከተማ ነው። በአውሮፓውያኑ 2008 ነሐሴ ወር የመረጃ ቁፋሮ ተመራማሪዎች ዓመታዊ ዓለም አቀፍ ጉባኤ በላስ ቬጋስ ተካሂዶ ነበር። በዚያ ጉባኤ ቪክተር ሼንግ፣ ፎስተር ፕሮቮስት እና ፓናጊዮቲስ ኢፔይሮቲስ የተባሉ ተመራማሪዎች ቀላል የሚመስል ጥያቄ አነሡ። መለያ የሚሰጡት ሰዎች አንዳንዴ የሚሳሳቱ ከሆነ፣ ለአንዱ ጽሑፍ ተጨማሪ ሰው መጠየቅ ይጠቅማል ወይስ ገንዘቡን ሌላ አዲስ ጽሑፍ ለማስለየት ማዋል?

መልሳቸው በአብዛኛው ተጨማሪ ሰው መጠየቅን የሚደግፍ ነበር። ምክንያቱ በቀላል ስሌት ይታያል። አንድ መለያ ሰጪ ከ100 ጊዜ 70ውን በትክክል ይፈርዳል እንበል። ሦስት እንዲህ ያሉ ሰዎች እርስ በርስ ሳይመካከሩ ድምፅ ቢሰጡና የብዙኃኑ ድምፅ ቢወሰድ፣ ትክክለኛው ፍርድ ከ100 ወደ 78 ከፍ ይላል። አምስት ቢሆኑ ወደ 84 ይጠጋል። ሰው በተጨመረ ቁጥር የአንዱን ስህተት የሌላው ትክክለኛ ፍርድ ይሸፍነዋል።

ስሌቱ የሚሠራው ግን ሁለት ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው። የመጀመሪያው፣ እያንዳንዱ ሰው ከግማሽ በላይ ትክክል መሆን አለበት። ከ100 ጊዜ 40ውን ብቻ በትክክል የሚፈርዱ ሦስት ሰዎች ድምፅ ቢሰጡ ውጤቱ ወደ 35 ይወርዳል። አምስት ቢሆኑ ደግሞ ወደ 32 ያሽቆለቁላል። እዚህ ላይ ሰው መጨመር ስህተቱን ያጠነክረዋል።

ሁለተኛው ሁኔታ የአንዱ ስህተት ከሌላው ስህተት ጋር የማይገናኝ መሆኑ ነው። አንዱ በድካም፣ ሌላው በችኮላ፣ ሦስተኛው በግዴለሽነት ከተሳሳቱ ስህተቶቻቸው ተበታትነው ይጠፋፋሉ። ሦስቱም በአንድ ምክንያት አንድ ዓይነት ስህተት ከሠሩ ግን የብዙኃን ድምፅ የሚያርመው ነገር የለም።

ስላቅ ሁለቱንም ሁኔታዎች የሚፈታተነው በዚህ ቦታ ነው። ስለ ጋቢው የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር ቦታውንና ቀኑን የማያውቁ አምስት ሰዎች ቢያነቡት፣ አምስቱም “ተደስቷል” ሊሉ ይችላሉ። ሁሉም ጠንቃቃ አንባቢዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁሉም የጎደላቸው መረጃ ግን አንድ ነው። መዝገቡ ላይ “አምስት ለዜሮ” ተብሎ ይሰፍራል፤ ከዚህ በላይ አስተማማኝ የሚመስል ውጤትም አይገኝም።

90 በመቶ ስምምነት ምን ማለት ነው?

የመለያ ሥራ ጥራት አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ሰዎች ምን ያህል እንደተስማሙ በመቁጠር ነው። ይህም በስላቅ ላይ ሲሆን ያሳስታል። ሁለት መለያ ሰጪዎች 100 አስተያየቶችን አነበቡ እንበል። እያንዳንዳቸው 10ሩን “ስላቅ”፣ 90ውን “ስላቅ አይደለም” ብለዋል። ሁለቱም “ስላቅ” ያሉት 5 ነው። አንደኛው ብቻ “ስላቅ” ያለው 5፣ ሁለተኛው ብቻ ያለው ደግሞ 5 ነው። የቀሩትን 85 ሁለቱም “አይደለም” ብለዋቸዋል።

ሲደመር በ90 አስተያየቶች ላይ ተስማምተዋል ማለት ነው። ዘጠና በመቶ የሚያስደስት ቁጥር ነው። ነገር ግን ሁለቱም ሳያነቡ፣ እንዲሁ በዕጣ 10ሩን “ስላቅ” ብለው ቢሆን ኖሮ እንኳ በአማካይ በ82ቱ ላይ ይስማሙ ነበር፤ አብዛኛው ጽሑፍ ስላቅ ስላልሆነ “አይደለም” ማለት ብቻውን ያስማማል።

ጃኮብ ኮኸን የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እአአ በ1960 ይህን የሚያርም መለኪያ አቅርበዋል። መለኪያው ካፓ ይባላል። ከተገኘው ስምምነት ላይ በዕድል ሊገኝ የሚችለውን ይቀንስና፣ ከዕድል በላይ ሊደረስበት ይችል ለነበረው ያካፍላል። በምሳሌያችን 90 ሲቀነስ 82 ስምንት ነው፤ 100 ሲቀነስ 82 ደግሞ 18 ነው። ስምንት ለ18 ሲካፈል 0.44 ይሆናል። ፍጹም ስምምነት 1፣ የዕድል ያህል ስምምነት 0 ነውና፣ 90 በመቶ የተባለው ስምምነት በዚህ ሚዛን ከግማሽ በታች ወርዷል።

ቁጥሩን በሌላ አቅጣጫ ማየትም ይቻላል። ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ “ስላቅ ነው” ያለው 15 አስተያየት ነው። ሁለቱም የተስማሙት በ5ቱ ብቻ ነው። ሊለዩት በተፈለገው ነገር ላይ የተስማሙት ከሦስት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ማለት ነው።

በገሃዱ ዓለም የተደረጉ ሙከራዎችም ከዚህ የራቁ አይደሉም። እአአ በ2011 በአሜሪካው የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት ጸሐፊዎቻቸው ራሳቸው “ስላቅ” የሚል ሃሽታግ የለጠፉባቸውን የትዊተር መልዕክቶች ሰበሰበ። ተመራማሪዎቹ ሃሽታጉን ሰርዘው፣ ደስታንና ቅሬታን በቀጥታ ከሚገልጹ ሌሎች መልዕክቶች ጋር ቀላቅለው ለሦስት ዳኞች ሰጡ። ከቀረቡት መልዕክቶች ሦስቱም ዳኞች የተስማሙት በግማሹ ላይ ብቻ ነበር። ምልክቱ ሲነሳ አብሮት የተነሳው ብዙ ነገር ነበር።

ጸሐፊው የሚሰማው ድምፅ

ሰው በጽሑፍ ሲሳለቅ አንባቢው እንደሚረዳው እርግጠኛ የሚሆነው ለምንድን ነው? ጀስቲን ክሩገር፣ ኒኮላስ ኤፕሊ እና ባልደረቦቻቸው እአአ በ2005 ያሳተሙት ጥናት አንድ መልስ ይሰጣል። ተሳታፊዎች ስላቅ የሆኑና ያልሆኑ ዓረፍተ ነገሮችን ለሌላ ሰው አንድ ጊዜ በኢሜይል፣ አንድ ጊዜ በድምፅ እንዲያስተላልፉ ተደረገ። ላኪዎቹ በሁለቱም መንገድ ተቀባዩ ከ100 ጊዜ 78ቱን ያህል በትክክል እንደሚለይ ገምተው ነበር።

በድምፅ የተላለፈው 73 ጊዜ ተለየ፤ ከግምቱ ብዙም አልራቀም። በኢሜይል የተላለፈው ግን የተለየው 56 ጊዜ ብቻ ነው። ሳንቲም ወርውሮ መልስ የሚሰጥ ሰው 50 እንደሚያገኝ ሲታሰብ፣ ጽሑፉን ማንበብ ያስገኘው ጥቅም ትንሽ ነው።

ተመራማሪዎቹ እንደሚያስረዱት ጸሐፊው ሲጽፍ የራሱን የድምፅ ቃና በአእምሮው ይሰማል። “እንዴት ደስ ይላል!” ሲል ድምፁ ሲጎተት፣ ከንፈሩ ሲጣመም ይታወቀዋል። ለአንባቢው የሚደርሰው ግን ፊደሉ ብቻ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለመለያ ሥራ ከባድ ትርጉም አለው። ጸሐፊው ያሰበው ስላቅና አንባቢው ያየው ስላቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። “ስላቅ ነው?” ተብሎ የሚጠየቅ መለያ ሰጪ የሚመልሰው ስለ ሁለተኛው ብቻ ነው።

በስኮትላንድ የኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲልቪዩ ኦፕሪያ እና ዋሊድ ማግዲ እአአ በ2020 ይህን ልዩነት መነሻ አደረጉ። ሌላ ሰው እንዲፈርድ ከመጠየቅ ይልቅ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ከጻፏቸው መልዕክቶች የትኛው ስላቅ እንደነበረ እንዲናገሩ፣ ለምን ስላቅ እንደሆነም እንዲያስረዱ ጠየቁ። በዚህ መንገድ ከተሰበሰቡት 4,484 መልዕክቶች 777ቱ ስላቅ ሆነው ተመዘገቡ። መንገዱ ውድና አዝጋሚ ነው፤ ጸሐፊው በማይገኝበት ቦታም አይሠራም። ቢሆንም የሐሳቡ ባለቤት የሰጠው መለያ የሌላ ሰው ግምት አይደለም።

ትእምርተ ስላቅ እና የአማርኛ ፈተና

አማርኛ ለዚህ ችግር ከብዙ ቋንቋዎች ቀድሞ ያሰናዳው ነገር አለው። ትእምርተ ስላቅ የሚባለው ሥርዓተ ነጥብ ተገልብጦ የቆመ የቃለ አጋኖ ምልክት (¡) ሲሆን፣ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ተቀምጦ የተባለው እንደተባለው እንዳልሆነ ለአንባቢ ይጠቁማል። ስፔንኛም በመልክ ይህንኑ የሚመስል ምልክት አለው፤ እዚያ ግን በአጋኖ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ይገባል እንጂ ከስላቅ ጋር ግንኙነት የለውም። “ዛሬ አየሩ እንዴት ደስ ይላል¡” ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ የደብረ ብርሃኑ አንባቢም ቆም ብሎ ያስብ ነበር።

በማኅበራዊ ሚዲያ ግን ምልክቱ እምብዛም አይታይም። በስልክ ጣት እያፈጠነ የሚጽፍ ሰው አራት ነጥብንም ቢሆን ብዙ ጊዜ ይዘለዋል። ከዚህም በላይ ብዙዎች ስላቅ ምልክት ሲለጠፍበት ጣዕሙን ያጣል ብለው ያምናሉ፤ ሸሙጦ ከዚያ “ሸሙጫለሁ” ማለት ቀልድን እንደማስረዳት ነው።

በምልክቱ ምትክ ተናጋሪው የሚጠቀምባቸው ዘዴዎች አሉ። “እሰይ! መብራት ጠፋ” ይላል፤ የደስታ ቃል በማያስደስት ነገር ላይ ይጭናል። “አንተ” የሚለውን የዕድሜ እኩያውን በድንገት “እርስዎማ ሁሉን ያውቃሉ” ብሎ በአክብሮት ይወጋዋል። “ጎበዝ”፣ “ተባረክ”፣ “ደግ አደረግህ” የሚሉት ቃላት እንደ ሁኔታው ምርቃትም ወቀሳም ይሆናሉ። እነዚህን በሙሉ አማርኛ ተናጋሪ ያውቃቸዋል። “እርስዎ” የተባለው ሰው በእርግጥ ታላቅ ይሁን አይሁን ግን ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አይገኝም። ይህን ለማወቅ ሁለቱን ሰዎች ማወቅ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ይህን በተግባር አይተውታል። ሰይድ ሙሄ ይማም እና ባልደረቦቹ እአአ በ2020 ባቀረቡት ጥናት በቴሌግራም የሚሠራ የመለያ መስጫ መሣሪያ ሠርተው፣ 9,400 ገደማ የአማርኛ ትዊቶች እያንዳንዳቸው በሦስት ሰዎች መለያ እንዲሰጣቸው አድርገዋል። ዓላማቸው ጽሑፉ አዎንታዊ ወይም አሉታዊ ስሜት እንዳለው መለየት ነበር። ሥራውን ያከበዱት ዋና ዋና ነገሮች ብለው የለዩት በሰፊው የሚዘወተሩትን ስላቅና ዘይቤያዊ አነጋገር ነው።

“የሰምና ወርቅ ሕዝብ ስላቅ እንዴት ያቅተዋል?” የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ልዩነቱ ያለው በአድማጩ ዝግጅት ላይ ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔ ሲሰማ ከሰሙ ሥር ወርቅ እንዳለ አስቀድሞ ያውቃል፤ ድካሙ ወርቁን ፈልጎ ማግኘት ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ አስተያየት የሚያነብ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ወርቅ አለ ወይስ የለም የሚለው ነው። ለዚያ ጥያቄ ፍንጭ የሚሰጠው መድረኩ፣ ተናጋሪውና ወቅቱ ናቸው። መለያ ሰጪው ፊት የሚቀርበው ጽሑፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱም የተነጠለ ነው።

ፍርዱ ሲሳሳት

ስህተቱ በሁለት አቅጣጫ ይጎዳል። እውነተኛ ውዳሴ የመሰለ ነገር ግን አንድን ሰው ወይም ማኅበረሰብ ለመዘለፍ የተጻፈ ሽሙጥ “አዎንታዊ” ተብሎ ያልፋል። በተቃራኒው የሌላውን ክፉ ንግግር ለማጣጣል ሲል በስላቅ የደገመው ሰው እንደ ተናጋሪው ይቆጠራል፤ ጽሑፉ ይነሳል፤ ገጹም ሊዘጋበት ይችላል።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰበት ጊዜም አለ። እአአ በ2010 በብሪታኒያ አንድ ወጣት አውሮፕላን ማረፊያ በበረዶ ምክንያት በመዘጋቱ ተበሳጭቶ፣ ካልተከፈተ እንደሚያፈነዳው በቀልድ በትዊተር ጻፈ። ጥፋተኛ ተብሎ ተቀጣ፤ ሥራውንም አጣ። በ2012 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረ። ቃሉ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነበር፤ የተለወጠው ሰዎች ያነበቡበት መንገድ ነው።

የተሻለ መለያ እንዴት ይገኛል?

የመጀመሪያው እርምጃ ለመለያ ሰጪው የተቆረጠበትን ነገር መመለስ ነው። እአአ በ2014 ባይረን ዋላስ እና ባልደረቦቹ መለያ ሰጪዎች የሬዲት አስተያየቶችን ሲያነቡ፣ ለመፍረድ ተጨማሪ አውድ ያስፈልገናል ብለው እንዲጠይቁ ፈቀዱላቸው። አውድ በብዛት የተጠየቀባቸው አስተያየቶች ምጸት ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ኮምፒውተሩ ይሳሳት የነበረውም በእነዚሁ ላይ ነበር። ቀኑን፣ ቦታውንና መልስ የተሰጠበትን ጽሑፍ አብሮ ማቅረብ፣ እንዲሁም “ሳላውቅ አልፈርድም” የሚል ምርጫ መስጠት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ጥያቄውን ለሁለት መክፈል ነው። “ጸሐፊው ምን ያሰበ ይመስልሃል?” እና “አንተ ስታነበው ምን ተሰማህ?” አንድ መልስ የላቸውም። ጽሑፉ ማንን ሊያስቆጣ እንደሚችል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁለተኛውን፣ ጸሐፊውን ለመቅጣት የሚያስብ ደግሞ የመጀመሪያውን ማወቅ አለበት።

ሦስተኛው አለመስማማትን አለመደበቅ ነው። ሦስት ለሁለት የተፈረደበት ጽሑፍና አምስት ለዜሮ የተፈረደበት ጽሑፍ በመጨረሻው ሰነድ ላይ እኩል “ስላቅ” ተብለው ሲቀመጡ፣ ጥርጣሬ የሚባለው መረጃ ይጠፋል። እያንዳንዱ ድምፅ ቢቀመጥ ግን በዚያ ሰነድ የሚጠቀም ሰው የትኛው ጽሑፍ ላይ መጠንቀቅ እንዳለበት ያውቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚቀር ነገር አለ። አምስት ለዜሮ የተሳሳተውን ፍርድ የትኛውም የስምምነት መለኪያ አይገልጠውም። ካፓ የሚለካው ሰዎች እርስ በርስ መስማማታቸውን እንጂ ከጸሐፊው ጋር መስማማታቸውን አይደለም። ስለዚህ አንድ ተቋም የአማርኛ ስላቅን በ90 በመቶ ትክክለኛነት እለያለሁ ሲል፣ ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ፤ ዘጠናው የተቆጠረው ከማን ፍርድ አንጻር ነው? ፈራጆቹስ ጽሑፉ የትና መቼ እንደተጻፈ ያውቁ ነበር ወይ?